የሲግሞይድ ዴሪቬቲቭ ላይ የነበረውን ስህተት ሳርም ኔትወርኩ ባሰበት፤ ምን ጉድ ነው?

ናቲ_ጀማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ነገር ራሴን አዙሮኛል፤ እስቲ እዩልኝ።

ላይብረሪ ሳልጠቀም በኑምፓይ ብቻ አንዲት ትንሽ ኒውራል ኔትወርክ እየጻፍኩ ነው። ዳታው ከሳይኪት ለርን ጋር አብሮ የሚመጣው የአሃዝ ምስል ነው፤ 1797 ምስል፣ እያንዳንዱ 8 በ8 ፒክስል። ስለዚህ 64 ግብዓት አለኝ፣ መሃል ላይ 30 ኒውሮን፣ መጨረሻ ላይ 10። ሁሉም ጋ ሲግሞይድ ነው። ሎሱ የስህተቱ ካሬ ነው። ወደኋላ ሲመለስ እንዲህ ብዬ ነበር የጻፍኩት፦

```python
def d_sigmoid(x):
    s = sigmoid(x)
    return s * (1 - s)

delta2 = (a2 - y) * d_sigmoid(a2)
delta1 = (delta2 @ W2.T) * d_sigmoid(a1)
```

ከሦስት ቀን በፊት አንድ ጓደኛዬ ኮዱን አየና «ሲግሞይዱን ሁለቴ እያሳለፍከው ነው፤ a1 እኮ ቀድሞ በሲግሞይድ ያለፈ ቁጥር ነው» አለኝ። አየሁት፣ እውነቱን ነው። ስለዚህ `d_sigmoid(a1)` የሚለውን በ`a1 * (1 - a1)` ተካሁት፣ a2ንም እንዲሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ጉዱ የመጣው። በስህተቱ ጊዜ ደህና ይማር ነበር፣ ሎሱ በየዙሩ ይወርድ ነበር። ካረምኩት በኋላ ትንሽ ይወርድና ይተኛል። W1ን ከመጀመሪያውና ከ200 ዙር በኋላ ካለው ጋር አነጻጸርኩት፤ አብዛኛው ንቅንቅ አላለም። ስህተት የሆነው ኮድ ይማራል፣ ትክክለኛው አይማርም። ጓደኛዬ ነው የተሳሳተው ወይስ እኔ ሌላ ቦታ አበላሽቻለሁ?

አቡ_ዳታ

ይሄማ የታወቀ ነው ወንድሜ። የሲግሞይድ ዴሪቬቲቭ ከ0.25 አያልፍም። ወደኋላ በሄድክ ቁጥር በየሌየሩ ቢበዛ በ0.25 ይባዛል፤ 10 ሌየር ካለህ 0.25 አስር ጊዜ ተባዝቶ ከአንድ ሚሊዮንኛ በታች ይሆናል። ግራዲየንቱ መንገድ ላይ ያልቃል ማለት ነው። ሲግሞይድ ጊዜው ያለፈበት ነገር ነው። ጣለውና ሬሉ አድርግ፣ በአምስት ደቂቃ ትገላገላለህ።

ሊያ_ዘ22

አቡ፣ ልጁ እኮ ያለው አንድ የመሃል ሌየር ብቻ ነው። 0.25 ሁለት ጊዜ ቢባዛ 0.0625 ነው። ያ ቀርፋፋ ያደርግ ይሆናል እንጂ «ንቅንቅ አላለም» አያሰኝም። ደግሞ ዌይቱን ረሳኸው። በየሌየሩ የሚባዛው 0.25 ብቻውን አይደለም፣ ዌይቱም አብሮ ይባዛል።

አቡ_ዳታ

ዌይቱን ከ4 በላይ አድርገው ነው የምትዪኝ? ዌይቱ ሲተልቅ ወደ ሲግሞይዱ የሚገባው ቁጥርም ይተልቃል፣ ያኔ ዴሪቬቲቩ 0.25 መሆኑ ይቀርና ወደ ዜሮ ይሄዳል። በየትም ብትዞሪ መውጫ የለውም።

ሊያ_ዘ22

እሱ ላይ አልከራከርህም፣ ለጥልቅ ኔትወርክ ያልከው ልክ ነው። የናቲ ጉዳይ ግን ሌላ ይመስለኛል። ጋሼ ቀመር ቢያዩት ጥሩ ነበር።

ጋሽ_ቀመር

አየሁት። ናቲ፣ ጓደኛህ ትክክል ነው። አንተም ሌላ ቦታ አበላሽተሃል። ሁለቱም እውነት ነው። የመጀመሪያው ስህተት ሁለተኛውን ሸፍኖልህ ኖሯል።

መጀመሪያ ቀመሩ ከየት እንደመጣ እንይ፤ በቃል ይዞት የሚሄድ ሰው ነው እንዲህ የሚጠለፈው። ብዙ መጽሐፍ ላይ ክፍልፋዩን አባዝቶ አካፍሎ ግማሽ ገጽ ይፈጃል። እኔ የምወደው መንገድ ገልብጦ መጀመር ነው። s የሲግሞይዱ ውጤት ይሁን፤ እንግዲህ

```
1/s = 1 + e^(-z)
```

ሁለቱንም ወገን በz ዴሪቬቲቭ ውሰድ። በግራ `-s'/s²` ይሆናል፣ በቀኝ `-e^(-z)`። ከላይኛው መስመር ደግሞ `e^(-z)` ማለት `1/s - 1` ነው። ተካው፦

```
s' = s² (1/s - 1) = s - s² = s(1 - s)
```

አለቀ። zም eም ከቀመሩ ወጡ። የቀረው s ብቻ ነው፤ ዴሪቬቲቩ በራሱ በሲግሞይዱ ተጻፈ ማለት ነው። ኩርባው አሁን ምን ያህል ተዳፋት እንደሆነ ለማወቅ የት ከፍታ ላይ እንዳለህ ማወቅ ይበቃሃል፣ እዚያ ያደረሰህ z ስንት እንደነበር ማንም አይጠይቅህም።

ወጥመዱም ያለው እዚሁ ላይ ነው። «የሲግሞይድ ዴሪቬቲቭ» የሚባል ፋንክሽን ስትጽፍ የሚቀበለው zን ነው ወይስ ውጤቱን? በወረቀት ላይ ለውጥ የለውም። ኮድ ላይ ግን ሁለት የተለያዩ ፋንክሽኖች ናቸው። ያንተ `d_sigmoid` zን የሚጠብቅ ነው፤ አንተ ውጤቱን ሰጠኸው።

እንግዲህ የድሮው ኮድህ ምን ሲያደርግ እንደነበር እንቁጠር። a1 ሁልጊዜ በ0 እና በ1 መካከል ነው። እሱን እንደገና በሲግሞይድ ስታሳልፈው በ0.5 እና በ0.731 መካከል ይወድቃል። ያንን s አድርገህ s(1-s) ስታሰላ ከ0.25 እስከ 0.197 ያለ ቁጥር ታገኛለህ። ከ0.197 በታች መውረድ አይችልም! z አምስት ይሁን፣ ሃምሳ ይሁን፣ ኮድህ የሚሰጥህ 0.2 አካባቢ ነው። እውነተኛው ዴሪቬቲቭ z=5 ላይ 0.00665 ነው፤ ያንተ 0.197 ይላል፤ ሠላሳ እጥፍ ያህል አጋነነው።

ስለዚህ የድሮው ኮድ ሞቶ የነበረን ኒውሮን «በሕይወት አለ» እያለ ሲዋሽ ነበር። ስታርመው ውሸቱ ቀረና የሞቱት መሞታቸው ታየ። ጥያቄው አሁን ለምን ሞቱ ነው። አንድ ነገር አድርግልኝ። ትሬይን ከመጀመርህ በፊት z1 ላይ `z1.std()` እና `z1.min()`፣ `z1.max()` አትምና ላክ። ዌይቶቹንም በምን እንደጀመርካቸው ንገረኝ።

ናቲ_ጀማሪ

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የግልበጣው ነገር በጣም ገባኝ። ዌይቶቹን በ`np.random.randn(64, 30)` ነው የጀመርኩት። z1ን አተምኩት፤ ስርጭቱ 60 አካባቢ ነው። ትልቁም ትንሹም ከመቶ በላይ ርቀው ሄደዋል።

ደግሞ አንድ የገረመኝ ነገር፦ `a1 * (1 - a1)` ሳትም ሩብ የሚሆኑት ቁርጥ ያለ 0.0 ናቸው፣ ከሌሎቹ ብዙዎቹ ደግሞ 1e-27 ምናምን ይላሉ። ዴሪቬቲቩ በሁለቱም ወገን እኩል አይደል እንዴ? ለምን አንዱ ወገን ዜሮ ሆኖ ሌላው አልሆነም?

ጋሽ_ቀመር

እሰይ፣ ይሄ ጥሩ ዓይን ነው። z=60 እና z=-60 ላይ እውነተኛው ዴሪቬቲቭ እኩል ነው፣ 8.8e-27 አካባቢ። ግን ፍሎት ቁጥር 1 አጠገብ ሲደርስ መለየት የሚችለው እስከ 1e-16 አካባቢ ብቻ ነው። ስለዚህ a ከ1 የሚለይባትን ያቺን ኢምንት ልዩነት አጥቶ ድፍን 1 ይሆናል፤ 1-a ደግሞ ድፍን ዜሮ። ከታች በኩል ግን a ራሱ 8.8e-27 ሆኖ መጻፍ ይችላል፣ ዜሮ አጠገብ ፍሎት ቦታ ሞልቶታል። በተግባር ግን ሁለቱም ዜሮ ናቸው፣ 1e-27 ዌይት አያንቀሳቅስም። የግድ ካስፈለገህ `sigmoid(z) * sigmoid(-z)` ብለህ ብታሰላው በሁለቱም ወገን እኩል ይወጣል። ያኔ ግን ያ «በራሱ ተጻፈ» ያልነው ቁጠባ ቀረ።

ዋናው ነገር 60 የሚለው ነው። የዚያ ዳታ ፒክስል ከ0 እስከ 16 ነው እንጂ ከ0 እስከ 1 አይደለም። 64 ፒክስል በተራ `randn` ዌይት ተባዝቶ ሲደመር 60 አካባቢ መድረሱ የሚጠበቅ ነው። ሲግሞይድ ደግሞ ከ5 ካለፍክ ጠፍጣፋ ነው። ከመቶ ኒውሮን ዘጠና ምናምኑ ገና ሳይጀመር ጠፍጣፋው ላይ ተቀምጧል። W1 ንቅንቅ አላለም ያልከው በዚህ ምክንያት ነው። ሎሱ ትንሽ የወረደው የመጨረሻው ሌየር ብቻውን ስለሚማር ነው፤ መሃሉ የዘፈቀደ ማጣሪያ ሆኖ ቀርቷል።

መድኃኒቱ ሁለት መስመር ነው፦

```python
X = X / 16.0
W1 = np.random.randn(64, 30) / np.sqrt(64)
```

የመጀመሪያውን ብቻ ብታደርግ ስርጭቱ ወደ 4 አካባቢ ይወርዳል፤ እዚያ ዴሪቬቲቩ 0.02 አካባቢ ነው፣ ይማራል ግን ያዘግማል። ሁለቱንም ስታደርግ 0.5 አካባቢ ይሆናል። ያኔ አብዛኛው ኒውሮን 0.25 አጠገብ ነው የሚጀምረው።

ዶር_ያልሆነው_ሐኪም

ይቅርታ ላቋርጥ። እኔ የሕዝብ ጤና ነኝ፣ s ስትሉ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን መስሎኝ ግማሹን ክር በዚያ ዓይን አንብቤ ግራ ገብቶኝ ነበር 😅 አሁን ተመለስኩ።

ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌ ላይ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ሠርቼ ነበር። አንድ ተለዋዋጭ ሳስገባ ሶፍትዌሩ የሚሰጠኝ ስታንዳርድ ኤረር በሺዎች ይሆናል፣ ኮኤፊሸንቱም ያለቅጥ ይተልቃል። አማካሪዬ «ተለዋዋጩን አውጣው» ብሎኝ አለፈ፣ ለምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም። ከዚህ ጋር ይገናኛል ወይስ እንደገና ዘልዬ ገባሁ?

ሊያ_ዘ22

ዘለህ አልገባህም፣ እንዲያውም ያው p(1-p) ነው። ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ስታንዳርድ ኤረሩን የሚያወጣው እያንዳንዱ ሰው ላይ p(1-p) ክብደት ሰጥቶ ነው። ያ ተለዋዋጭ ምናልባት የታመሙትንና ያልታመሙትን ፍጹም ለይቶልህ ይሆናል፤ ለምሳሌ ያ ነገር ካለባቸው ውስጥ አንድም ያልታመመ ከሌለ። ያኔ ሞዴሉ ኮኤፊሸንቱን ወደላይ ይገፋል፣ p ወደ 1 ይጠጋል፣ p(1-p) ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ከዚያ ግልባጭ የሚወጣው ስታንዳርድ ኤረር ወደ ሰማይ ይወጣል። ተለዋዋጩን ከውጤቱ ጋር አጋጥመህ አራት ክፍል ያለው ሠንጠረዥ ሥራ፣ አንዱ ክፍል ባዶ ሆኖ ታገኘዋለህ። አውጣው የሚለው ምክር ግን ሁልጊዜ ጥሩ አይደለም፣ ምናልባት ከሁሉም የሚበልጠው ተለዋዋጭ እሱ ነው።

ዶር_ያልሆነው_ሐኪም

ባዶ ክፍል አለ! አሁን ፋይሉን ከፍቼ አየሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልረዳው ቆየሁ እኮ። ተባረኪ።

ቤዛ_ፊዚክስ

እኔ ግን አሁንም ያልገባኝ፣ ዴሪቬቲቩ ለምን በራሱ በሲግሞይዱ ይጻፋል? `e^(-z)/(1+e^(-z))²` ብለን በz ብንጽፈው ያው አይደለም? ለውበት ነው?

ጋሽ_ቀመር

ውበቱም አለው፣ ግን ለውበት አይደለም። ወደፊት ስትሄጂ aን ለማግኘት አንዴ e ላይ ከፍለሻል። ወደኋላ ስትመለሺ a በእጅሽ ነው። አንድ መቀነስና አንድ ማባዛት ይበቃሻል፤ e እንደገና አይሰላም፣ zም መቀመጥ የለበትም። ፓይቶርች ውስጥ ሲግሞይድ ወደኋላ ለሚመለስበት ጊዜ የሚያስቀምጠው ውጤቱን ነው፣ ግብዓቱን አይደለም። ስለዚህ `z.sigmoid_()` ብለሽ zን በራሱ ቦታ ላይ ብትተኪው ቅር አይለውም፣ የሚፈልገው አልጠፋበትም። ግን `a = z.sigmoid()` ብለሽ ከዚያ `a.mul_(2)` ካልሽ `loss.backward()` ላይ ይጮኻል፤ ለግራዲየንት የሚፈልገውን ቁጥር ራሱን አበላሸሽበት።

የፊዚክስ ሰው ስለሆንሽ ደግሞ፦ s' = s(1-s) ራሱ የቤልጅጉ ሒሳብ ሊቅ ቬርሁልስት በ1838 ለሕዝብ ቁጥር ዕድገት የጻፈው እኩልታ ነው፣ ከፍተኛው መጠን 1 የሆነበት። ሲግሞይድ የዚያ መፍትሔ ነው። ሲጀምር ጥቂት ስለሆነ ቀስ ብሎ ይበዛል፣ መሃል ላይ ይፈጥናል፣ ቦታው ሲሞላ ይቆማል። ኒውሮን «ሞላ» የምንለውም ያንኑ ነው።

አቡ_ዳታ

እሺ ታሪኩ ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። የናቲ የድሮ ኮድ ሁልጊዜ ከ0.197 እስከ 0.25 ያለ ፖዘቲቭ ቁጥር ነው የሚያባዛው ካላችሁ፣ ምልክቱ አይለወጥም ማለት ነው። አቅጣጫው ልክ ነው፣ መጠኑ ብቻ ነው የተጋነነው። ታዲያ ምን ችግር አለው? ይማራል፣ አይሞትም። እንዲያውም ከትክክለኛው ይሻላል። ለምን አረምከው?

ሊያ_ዘ22

መጨረሻው ሌየር ላይ ልክ ነህ፣ እዚያ ምልክቱ አይገለበጥም። መሃሉ ላይ ግን አይሠራም፣ ምክንያቱም መሃሉ ላይ ያለ ኒውሮን ከብዙ ውጤቶች የሚመጣ ድምር ነው የሚቀበለው። የድምሩ ክፍሎች በተለያየ መጠን ከተጋነኑ ድምሩ ሊገለበጥ ይችላል። በቁጥር ላሳይህ።

ሁለት የውጤት ኒውሮን ይኑረን፣ ከመሃሉ ኒውሮን ወደ ሁለቱም የሚሄደው ዌይት 1 ይሁን። የመጀመሪያው a=0.99 ይላል፣ ትክክለኛው መልስ 0 ነው። ሁለተኛው a=0.5 ይላል፣ መልሱ 1 ነው።

በትክክለኛው ስሌት የመጀመሪያው 0.99 × 0.0099 = 0.0098 ይልካል። ሁለተኛው -0.5 × 0.25 = -0.125። ድምር -0.115።

በናቲ ድሮ ኮድ የመጀመሪያው 0.99 × 0.1975 = 0.1955። ሁለተኛው -0.5 × 0.235 = -0.1175። ድምር +0.078።

አየህ? ለመሃሉ ኒውሮን አንዱ «ውጣ» ይላል፣ ሌላው «ውረድ»።

አቡ_ዳታ

እእ። ይሄን አላሰብኩትም። ግን ቆይ፣ በዚህ ምሳሌ ላይ የድሮው ኮድ አይሻልም እንዴ? 0.99 ብሎ ፈጽሞ የተሳሳተውን ኒውሮን እኮ ትክክለኛው ግራዲየንት «0.0098» ብሎ ነው የሚያልፈው። ፈጽሞ የተሳሳተው ትንሽ ይታረማል፣ ግማሽ የተሳሳተው ብዙ ይታረማል። ይሄ የተገላቢጦሽ አይደል?

ጋሽ_ቀመር

አቡ፣ አሁን ጥሩ ቦታ ላይ ጣትህን አሳረፍክ። እውነትህን ነው፣ የተገላቢጦሽ ነው። ጥፋቱ ግን የዴሪቬቲቩ ሳይሆን የሎሱ ነው። የስህተት ካሬ ከሲግሞይድ ጋር ሲጣመር ግራዲየንቱ (a-y)·a(1-a) ይሆናል። በሙሉ ልብ የተሳሳተ ኒውሮን a(1-a) ስለሌለው አይታረምም። z=-5 ሆኖ መልሱ 1 ከሆነ -0.0066 ብቻ ነው የሚደርሰው።

ሎሱን ክሮስ ኢንትሮፒ ብታደርገው የሎሱ ዴሪቬቲቭ a(1-a) በታችኛው በኩል ይዞ ይመጣል፣ የሲግሞይዱ a(1-a) ከላይ ይመጣል፣ ይጣፋሉ። የሚቀረው a-y ብቻ ነው። በዚያው z=-5 ላይ -0.993። መቶ ሃምሳ እጥፍ። እንዲህ ሲጣፋ ማየት የሚቻለውም ዴሪቬቲቩ በራሱ ስለተጻፈ ነው፤ በe ተጽፎ ቢሆን ማን ያየዋል።

ናቲ፣ ስለዚህ delta2 ላይ `(a2 - y)` ብቻ አድርግ። ግን ልብ በል፣ ይሄ የሚያድነው መጨረሻውን ሌየር ብቻ ነው። መሃሉ ላይ a1(1-a1) እንዳለ ይቀመጣል፣ እሱን የሚያጣፋልህ ሎስ የለም። ለእሱ መድኃኒቱ ግብዓቱንና ዌይቱን ማስተካከል ነው፣ ወይ ደግሞ አቡ መጀመሪያ እንዳለው መሃሉን ሬሉ ማድረግ።

ሊያ_ዘ22

ለፍትሐዊነት ያህል ግን፣ የናቲ ስህተት ሳይታሰብ አንድ የታወቀ ዘዴ ነው የደገመው። የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪው ፋልማን በ1988 ሆን ብሎ በሲግሞይድ ዴሪቬቲቭ ላይ 0.1 ይደምር ነበር፣ ጠፍጣፋው ቦታ ላይ ኒውሮኑ እንዳይተኛ ብሎ። ማለትም ከ0.1 እስከ 0.35። እና በሞከራቸው ችግሮች ላይ ፈጥኖ ይማርለት ነበር። የናቲ ኮድ ከ0.197 እስከ 0.25 ነው። ሐሳቡ ያው ነው።

ጋሽ_ቀመር

ልክ ነሽ። ልዩነቱ ፋልማን ምን እያደረገ እንደሆነ ያውቅ ነበር። ደግሞ 0.1 ሲደምር በንቁና በሞላ ኒውሮን መካከል ሦስት እጥፍ ተኩል ልዩነት ቀርቶለታል፤ የናቲ ግን 1.27 እጥፍ ብቻ ነው፤ ሁሉንም እኩል ማየት ማለት ይቻላል። ያ የሎሱ ግራዲየንት አይደለም፣ ሌላ ነገር ነው። ማቆሚያው የት እንደሆነም ዋስትና የለህም።

ሊያ_ዘ22

እሱ ላይ አልስማማም ጋሼ። አሁን የምንጠቀምባቸው ኦፕቲማይዘሮችም እኮ የጠራ ግራዲየንቱን አይከተሉም፣ እያንዳንዱን ዌይት በየራሱ መጠን ያካፍሉታል። ያንን እየተቀበልን ይሄን «ሌላ ነገር ነው» ብሎ መግፋት አይመቸኝም።

ጋሽ_ቀመር

እነሱ የሚያካፍሉት ግራዲየንቱ ትክክል ሆኖ ከተሰላ በኋላ ነው፣ አንቺ ደግሞ መንገድ ላይ፣ ድምሩ ሳይደመር ነው የምትቀይሪው። ያንቺው ምሳሌ ምልክቱን ገለበጠው አይደል? ግን እሺ፣ ይሄ ክር የናቲ ነው፣ ሌላ ክር ከፍተሽ ብንከራከር ደስ ይለኛል።

የማነ_ቴስተር

እኔ የምለው፣ ሁላችሁም ስለ ሒሳቡ ታወራላችሁ፣ ይሄ ስህተት እንዴት ቶሎ ይያዛል? ኮዱ አይወድቅም፣ ሎሱ ይወርዳል፣ ቴስቱም ያልፋል። እኔ ሥራ ቦታ ተመሳሳይ ነገር ለወራት ሳይታወቅ ቆይቶ አይቻለሁ። የእኛው ደግሞ ተቃራኒው ነበር፦ ፋንክሽኑ ውጤቱን የሚጠብቅ፣ የተሰጠው ግን z። z=5 ሲሆን 5 × (1-5) = -20።

ሊያ_ዘ22

-20 ቢያንስ ይጮኻል፣ ሎሱ ሲፈነዳ ታየዋለህ። የናቲው ነው ክፉው፣ ዝም ብሎ የሚኖር። የሚይዘው የቁጥር ማመሳከሪያ ነው፦

```python
h = 1e-5
W1[i, j] += h;   up = loss()
W1[i, j] -= 2*h; down = loss()
W1[i, j] += h
print((up - down) / (2*h), dW1[i, j])
```

ዓሥር ዌይት በዘፈቀደ መርጠህ ሁለቱ ቁጥሮች እስከ ስድስት ሰባት አሃዝ መግጠም አለባቸው። `loss()` የሚያሰላው ሎስ ግራዲየንቱን ካወጣህበት ሎስ ጋር አንድ መሆን አለበት፣ ግማሽ ማባዣዋም ሳትቀር፤ አለበለዚያ ሁልጊዜ ሁለት እጥፍ እየወጣ ያሳብድሃል። ደግሞ ግብዓቱ ከተስተካከለ በኋላ ነው የምትሠራው። ኒውሮኖቹ ሞልተው እያለ ብትሠራው በትክክለኛው ኮድ ሁለቱም ዜሮ ይሉና «ገጠመ» ብለህ ታልፋለህ።

ጋሽ_ቀመር

ፋንክሽኑንም ስሙን ቀይሩት። `d_sigmoid(x)` የሚል ስም ማንንም ያሳስታል። እኔ `d_from_a(a)` ብዬ ነው የምጽፈው። አስቀያሚ ነው ግን ማታ ደክሞኝም አይስተኝም።

ናቲ_ጀማሪ

ሁሉንም ሠራሁት። በ16 አካፈልኩ፣ ዌይቱን በ8 አካፈልኩ፣ ሎሱን ወደ ክሮስ ኢንትሮፒ ቀየርኩ፣ ስሙንም `d_from_a` አልኩት። z1 ስርጭቱ 0.48 ሆነ። W1 አሁን ይንቀሳቀሳል፣ ሎሱም ከድሮው የስህተት ኮድ በፍጥነት ይወርዳል። ማመሳከሪያው ዘጠኙ ላይ ገጠመ።

አሥረኛው ላይ ግን ሁለቱም 0.0 አሉኝ። W1[0, 7] ነው። z ሞልቶ እንዳይሆን አየሁት፣ አልሞላም፣ a1 0.6 ምናምን ነው። ታዲያ ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?

ሊያ_ዘ22

የመጀመሪያው ፒክስል ነዋ 🙂 የላይኛው ግራ ጥግ፣ በሁሉም ምስል ላይ ባዶ ነው። ግብዓቱ ዜሮ ከሆነ ግራዲየንቱም ዜሮ ነው፣ ሲግሞይዱ እጁ የለበትም። ሌላ ፒክስል ምረጥ።